ከ23.5 በላይ ወይስ በታች?

በአሜሪካው ኤንቢኤ ላይ የሚያቋምር ድርጅት አንድ ቁጥር ያስቀምጣል፤ ተወራራጩም ውጤቱ ከዚያ በላይ ወይም በታች ይሆናል ብሎ ይመርጣል። ቁጥሩ የሁለቱ ቡድኖች ድምር ነጥብ ወይም የአንድ ተጫዋች ነጥብ ሊሆን ይችላል።

የድምሩ መነሻ የጨዋታው ፍጥነት ነው፤ ማለትም አንድ ቡድን ስንት ጊዜ ኳስ ይዞ ያጠቃል የሚለው። እያንዳንዱ ቡድን 96 ጊዜ አጥቅቶ በእያንዳንዱ በአማካይ 1.12 ነጥብ ቢያገኝ፣ ድምሩ 215 ገደማ ይሆናል። ማጥቃቱ 102 ቢደርስ ግን የማንም አጨራረስ ሳይሻሻል ወደ 228 ያድጋል።

ለተጫዋች ቁልፉ ደቂቃ ነው። ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ በ24 ደቂቃ 18 ነጥብ የሚያስቆጥር ተጫዋች እናስብ፤ በደቂቃ 0.75 ማለት ነው። ቋሚው ተሰላፊ ተጎድቶ እሱ 32 ደቂቃ ከተሰጠው፣ ስሌቱ 24 ይመጣል። ዘወትር 100 ጊዜ የሚያጠቃው ቡድኑ ዛሬ 96 ብቻ ከተጠበቀ ግን ግምቱ ወደ 23 ይወርዳል። ስለዚህ በ23.5 ላይ «በላይ» አያጓጓም።

ይህ ግምት ራሱ ሊጋነን ይችላል። ተተኪው አሁን የሚገጥመው የተጋጣሚን ምርጥ ተከላካዮች ነው፤ የነጥብ ልዩነቱ ከሰፋም አሰልጣኙ በአራተኛው ሩብ ያሳርፈዋል። የጉዳቱ ዜና እንደወጣም ድርጅቱ ቁጥሩን ያስተካክላል። ኦዱ 1.90 ከሆነ ደግሞ ላለመክሰር ብቻ ከ100 ውርርድ 53ቱን ማሸነፍ ያስፈልጋል።