ከ«ሠራን» ወደ «ሠራሁ»

«እስቲ ራስሽን አስተዋውቂን» ሲባል አብዛኛው አዲስ ተመራቂ ከልደቱ ይጀምራል። የተወለድኩት እዚህ ነው፣ አንደኛ ደረጃን እዚህ፣ ሁለተኛ ደረጃን እዚያ ተማርኩ ይላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመረቅሁ የሚለው ላይ ሲደርስ ወሬው ያልቅበታል። ይህ ሁሉ ግን ፈታኞቹ ፊት በተዘረጋው ሲቪ ላይ ተጽፏል። እኔም ለዓመታት በቅጥር ቃለ መጠይቅ ጠረጴዛ ማዶ ስለተቀመጥኩ ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ትውልድና ትምህርት ቤት ሲቆጠር ወረቀት እያገላበጥን የምንጠይቀውን እንፈልጋለን እንጂ አንሰማም።

ባለፈው ክረምት በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀች የጎረቤታችን ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ሐሙስ ኢንተርቪው አለኝ። የሥራ ልምድ የለኝም፤ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ የጻፈችው ይህንን ነበር፦

«ስሜ እገሊት ይባላል። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ በጥሩ ውጤት ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። የሥራ ልምድ ባይኖረኝም ታታሪ ነኝ፣ ቶሎ እለምዳለሁ፣ ከሰው ጋር ተግባብቼ መሥራት እችላለሁ። በመመረቂያ ፕሮጀክታችን የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሲስተም ሠርተናል። ዕድሉ ቢሰጠኝ አላሳፍራችሁም።»

እስክሪብቶ ሰጠኋትና በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሌላው ተመራቂም ሊለው የሚችለውን ሁሉ እንድትሰርዝ ነገርኳት። ታታሪነቱ ተሰረዘ፣ ተግባቢነቱም ተከተለ። የመውጫ ፈተናው ቅር አሰኛት። ነገር ግን ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሁሉም ተመራቂ ግዴታ ነው፤ ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድምና አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት በሙሉ ያለፉ ናቸው። «የሥራ ልምድ ባይኖረኝም» የሚለውም ተሰረዘ። ማስታወቂያው ዜሮ ዓመት ብሎ ነው የወጣው፤ እነሱ ያልጠየቁትን ይቅርታ እሷ በመጀመሪያው ደቂቃ ለምን ትጠይቃለች? በመጨረሻ የተረፈችው ስለ ፕሮጀክቱ የምታወራው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

እሷም ብትሆን ችግር ነበረባት፤ ችግሩ «ሠርተናል» የሚለው ቃል ነው። እኛ ዘንድ «እኔ» ማለት ያሳፍራል። ልጆቻችንን «እኔ እኔ አትበል» እያልን አሳድገን፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ስንደርስ ደግሞ የራስህን ንገረን እንላቸዋለን። ስለዚህ ተመራቂው በትሕትና «ሠራን፣ ነደፍን፣ አቀረብን» እያለ ይጨርሳል። ፈታኙ ግን አምስት ሰው በሠራው ሥራ ውስጥ ይህች ልጅ ኮዱን ትጻፈው ወይስ ሪፖርቱን ትጠርዘው ሊያውቅ አይችልም። መፍትሔው የቡድኑን ሥራ መንጠቅ አይደለም። አንድ ጊዜ «አምስት ሆነን ነው የሠራነው» ብሎ ባለቤቶቹን አክብሮ፣ ከዚያ የራስን ድርሻ «ሠራሁ» ብሎ መለየት ነው።

«ሲስተሙ ውስጥ ያንቺ እጅ የቱ ላይ ነው?» አልኳት።

«ዳታቤዙን እና ስም መፈለጊያውን።»

«የት ላይ ቆመባችሁ?»

ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ሆን ብዬ ነው። የፕሮጀክት ሪፖርት ሁሉም ነገር በሥርዓት እንደተከናወነ አድርጎ ይጽፋል፤ የሠራው ሰው የሚለየው ግን ሥራው እምቢ ያለበትን ቦታ ሲናገር ነው። ልጅቷ ሳቀች። «እሱማ ፊደሉ ነው ያሰቃየን» አለችና ወረቀቱ ላይ ያልጻፈችውን ታወራኝ ጀመር።

የካርድ ክፍል ሠራተኛ ታካሚው ስሙን ሲነግራት በሰማችው መሠረት ትጽፋለች። ካርዱ ሲወጣ «ሥዩም» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነና ዛሬ «ስዩም» ብላ ከፈለገችው፣ ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» ይላታል። ለእኛ ጆሮ ሠ እና ሰ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያየ ቁጥር የተሰጣቸው ሁለት ፊደሎች ናቸው። «ፀሐይ»ን ብንወስድ፣ ሁለቱ ጸ እና ሦስቱ ሀ ብቻ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ይሰጣሉ። ስሙ ካልተገኘ አዲስ ካርድ ይወጣል፤ ታካሚው ሁለት ካርድ ይኖረዋል፤ ሐኪሙ የያዘው ካርድ ላይ ደግሞ ያለፈው ሕክምና የለም።

የእውነተኛ ታካሚዎች መረጃ ምስጢር ስለሆነ፣ እነዚህ ልጆች የባቻቸውን 300 ተማሪዎች ስም አስገብተው የክሊኒኩን ካርድ ክፍል ሠራተኛ እንድትሞክርላቸው ለመኗት። 40 ስም አንድ በአንድ ተነበበላትና በጆሮዋ እንደሰማችው ጻፈች። 11ዱ ጠፉ። ያን ጊዜ ነው ልጅቷ ሌላ ዓምድ የጨመረችው። ስሙ እንደተጻፈ በቦታው ይቀመጣል፤ ከጎኑ ግን ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው ለመፈለጊያ ብቻ የሚያገለግል ቅጂ አለ። ሠራተኛዋ የምትጽፈውም በዚያው መንገድ ተለውጦ ከቅጂው ጋር ይመሳከራል። እነዚያኑ 40 ስሞች ሲደግሟቸው የጠፉት 3 ብቻ ሆኑ። ሦስቱም «ገ/መድኅን» እንደሚባለው በእዝባር ያጠሩ ስሞች ነበሩ።

ይህን ሁሉ እያወቀች ወረቀቱ ላይ «ሲስተም ሠርተናል» ብላ ማለፏ ገረመኝ። አንድ ላይ ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው፦

«ስሜ እገሊት ይባላል፤ ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄያለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ለአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የታካሚ መመዝገቢያ ነበር። አምስት ሆነን ነው የሠራነው፤ ዳታቤዙንና ስም መፈለጊያውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በጆሮዋ በሰማቻቸው 40 ስሞች ስትሞክረው 11ዱን አላገኘችም። አብዛኞቹ የጠፉት ‹ሥዩም› ተብሎ የተመዘገበው ‹ስዩም› ተብሎ ስለሚፈለግ ነበር። ስሙ እንደተጻፈ ሆኖ፣ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ የመፈለጊያ ዓምድ ጨመርኩ። ስንደግመው የጠፉት 3 ሆኑ፤ እነሱም በእዝባር ያጠሩ ስሞች ናቸው፣ አልፈታኋቸውም። ሲስተሙ ለዲፌንስ ቀረበ እንጂ ክሊኒኩ አልጀመረበትም። እናንተም የደንበኞቻችሁን ስም በአማርኛ ስለምትይዙ፣ ይህንኑ ችግር እዚህ መቀጠል እፈልጋለሁ።»

በስልኳ ሰዓት ይዘን በረጋ ድምፅ ስታነበው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አልዘለለም። ለመግቢያ ይበቃል፤ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ የፈታኙ ዓይን ወደ ወረቀቱ ይመለሳል።

«አልፈታኋቸውም» የሚለው ላይ ተከራክራኛለች። «ድክመቴን እኔው ልናገር?» አለች። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ያንን ነው። ከ40ው 40 አገኘሁ ብትል እኔ ፈታኝ ሆኜ አላምናትም፤ የቀሩትን 3 ከነምክንያታቸው ስትነግረኝ ግን 37ቱንም አምናታለሁ። «ክሊኒኩ አልጀመረበትም» የሚለውም እንዲሁ ነው። ብዙ ተመራቂ ላፕቶፕ ላይ የቀረውን ሥራ አገልግሎት እየሰጠ እንደሆነ አድርጎ ይናገራል፤ «ስንት ሰው ይጠቀምበታል?» የምትል አንዲት ጥያቄ ስትመጣ ላብ ያጠምቀዋል።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ጥያቄ ፈተንነው። እንዴት አደረግሽው? ለምን በሌላ መንገድ አላደረግሽውም? 300ው ስም 300 ሺህ ቢሆን ምን ይፈጠራል? መጀመሪያ ላይ «የይለፍ ቃሉም አስተማማኝ ነው» የሚል ነበረበት። እንዴት ስላት ያንን የሠራው ጓደኛዋ መሆኑ ወጣ፤ ሰረዝነው። ይህ ፍራቻ በከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ ከአንድ ቡድን የወጡ ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ቀርበውልን፣ ሁለቱም ያንኑ ገጽ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ብለውናል። የቀረበው ሁለተኛው ልጅ እውነተኛው ቢሆን እንኳ ነገሩ ተበላሽቶበታል።

ሌላ ትምህርት የተማረም በዚያው «የት ላይ ቆመባችሁ?» በሚለው ጥያቄ የራሱን ታሪክ ያገኛል። የአካውንቲንግ ተመራቂ ከበተነው መጠይቅ ስንቱ እንዳልተመለሰ፣ ባዶ የተተወው ጥያቄ የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሆነ ያውቃል። ሲቪል ምሕንድስና የተማረው ደግሞ አማካሪው መልሶ ያሠራው ስሌት አለው።

ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይመጣል። ቃል በቃል የሸመደደ ሰው አንዲት ቃል ስትጠፋው ሙሉው ይጠፋዋል፣ ከመጀመሪያውም ይጀምራል። ስለዚህ ልጅቷ አምስት ነገር ብቻ በቅደም ተከተል ያዘች፤ ክሊኒክ፣ 40፣ 11፣ ሥዩም፣ 3። በመካከላቸው ያለውን በየልምምዱ እንደመጣላት ትናገረዋለች። በእንግሊዝኛ ስትለማመድ ሞክሼ ፊደል የሚለው ላይ ተደናቀፈች፤ «ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሁለት የሆኑ ፊደሎች» የሚለውን በእንግሊዝኛ ብላ ሁለቱን ሰ ወረቀት ላይ ጽፋ እንድታሳይ ተስማማን።

ለየመሥሪያ ቤቱ የሚለወጠው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ባንክ ከሆነ የደንበኛ ስም፣ ትምህርት ቤት ከሆነ የተማሪ መዝገብ ይሆናል። ግንኙነቱ በእውነት ከሌለ ግን ባይፈጠር ይሻላል።

ሐሙስ ከሰዓት ደወለችልኝ። ስለ ታታሪነቷ የጠየቃት የለም። መግቢያዋን እንደጨረሰች ከፈታኞቹ አንዱ ማርከር አቀብሏት «እስቲ ያንን ገ/መድኅን አሁን ፍቺው» አላት። ገ/ ማለት ሁልጊዜ ገብረ ነው ብላ ብትጀምር ቀላል ይሆንላት ነበር፤ እሷ ግን ወ/ የምትለዋ ወልደም ወለተም ልትሆን እንደምትችል አስታውሳ፣ ሁለቱንም የሚያመጣ ዝርዝር ለካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ብታቀርብና ብታስመርጣት እንደሚሻል ሰሌዳው ላይ አስረዳች። ሌላኛው ፈታኝ ወ/ሮም እንዳለች አስታወሳት። የቀረው ሰዓት በእዝባሯ ላይ አለቀ፤ ውጤቱን ገና እየጠበቀች ነው።