«ሦስት ዳቦ» በእንግሊዝኛ ለምን አይባልም?

«ሦስት ዳቦና ሁለት ሳሙና ገዝተህ ና» የተባለ ልጅ ምን ይዞ እንደሚመለስ ለመረዳት ምንም አይቸግረውም። መምህሩም «ሁለት ጠመኔ አምጪልኝ» ሲሉ ተማሪዋ ወዲያው ትነሣለች። ይኸው ልጅ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን «ስሪ ብሬድስ» ካለ ተሳስቷል፤ «ቱ ቾክስ» ካለም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ዳቦን፣ ሳሙናንና ጠመኔን እንደ ውኃና እንደ አሸዋ ከማይቆጠሩ ስሞች ጋር ስለሚመድባቸው ቁጥር በቀጥታ አያስጠጋቸውም። ዳቦው «ሎፍ»፣ ሳሙናው «ባር»፣ ጠመኔው «ፒስ» በሚል መለኪያ ይቆጠራል፤ ሦስት ዳቦ «ስሪ ሎቭስ ኦፍ ብሬድ» ይሆናል።

በየፈተናው ባዶ ቦታ አሟሉ በሚለው ክፍል «መች» ወይስ «ሜኒ»፣ «ፊው» ወይስ «ሊትል» እየተባለ የሚጠየቀው ጥያቄ መነሻው ይህ ነው። ደንቡ ራሱ በአንድ መስመር ያልቃል። «ሜኒ» እና «ፊው» ከሚቆጠር ስም ጋር፣ «መች» እና «ሊትል» ከማይቆጠር ስም ጋር ይሄዳሉ። ተማሪው ይህን ቃል በቃል ይወጣዋል፤ ፈተናው ላይ ግን ይሳሳታል። ስሙ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው በአማርኛው ልማድ ነውና።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ለጋስ ነው። «ብዙ» የሚለው ቃል ለሰውም ለውኃም ያገለግላል፤ «ስንት» ለልጅ ቁጥርም ለስኳር ዋጋም ይጠየቅበታል። ስሙም ቢሆን ከቁጥር በኋላ የብዙ ቁጥር ምልክት እንዲይዝ አይገደድም፤ «አምስት ተማሪ መጣ» ቢባል ማንም አይታረምም። በእንግሊዝኛ ግን «ሜኒ» ካለ ስሙ መብዛቱን ማሳየት አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው «ስ» ፊደል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ እንደ «ፒፕል» እና «ችልድረን» በቅርጹ።

ብዙዎችን የሚያደናግረው «መቆጠር» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ገንዘብ ይቆጠራል፤ ባንክ መስኮት ላይ የምትሠራ ሴት ቀኑን ሙሉ ስትቆጥር ትውላለች። እንዲያም ሆኖ «መኒ» በሰዋስው የማይቆጠር ስም ነው። ጥያቄው ነገሩ በእጅ ይቆጠራል ወይ ሳይሆን፣ ቃሉ ከፊቱ ቁጥር ይቀበላል ወይ ነው። አማርኛም እዚህ ላይ ይስማማል፤ «ሦስት ብር» እንጂ «ሦስት ገንዘብ» አይባልም። ስለዚህ «መች መኒ»፣ ግን «ሜኒ ዶላርስ» ይባላል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚለያዩባቸው ስሞች ግን አሉ፤ ፈታኞችም እነዚህን ይወዷቸዋል። በአማርኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ዜናዎች፣ የቤት ዕቃዎች፣ የቤት ሥራዎች ይባላል። በእንግሊዝኛ «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኒውስ»፣ «ፈርኒቸር» እና «ሆምወርክ» ሁሉም የማይቆጠሩ ናቸው። ወንበሩና ጠረጴዛው ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ በጋራ መጠሪያቸው «ፈርኒቸር» ሲባሉ ግን አይቆጠሩም። «ኒውስ» ደግሞ መጨረሻው ላይ ያለው «ስ» እንዳያታልል፤ ግሡ «ኢዝ» እንጂ «አር» አይሆንም። እነዚህን አምስቱን በቃል መያዝ ረጅም ዝርዝር ከመሸምደድ ይሻላል፤ አማርኛችን የሚያሳስተን በእነሱ ነውና።

ከሁሉም የሚከብደው ግን በ«ፊው» እና በ«ኤ ፊው»፣ በ«ሊትል» እና በ«ኤ ሊትል» መካከል መምረጥ ነው። በጽሑፍ የሚለያቸው አንዲት ፊደል ናት። አማርኛ ይህን ልዩነት የሚገልጸው በግሡ ነው። «ጥቂት ጓደኞች አሉት» ሲባል ሰውየው ብቻውን አይደለም፤ ይህ «ኤ ፊው ፍሬንድስ» ነው። «ጓደኛ እምብዛም የለውም» ሲባል ደግሞ «ፊው ፍሬንድስ» ይሆናል። አማርኛው «አሉት» የነበረውን ወደ «የለውም» ሲያዞር፣ እንግሊዝኛው ግሡን ሳይነካ «ኤ» የምትለዋን ብቻ ያነሣል። አንባቢው ባዶ ቦታውን ከመሙላቱ በፊት ዐረፍተ ነገሩን በልቡ በአማርኛ ብሎ «አለ» ወይስ «የለም» የሚለው እንደሚስማማው ቢሞክር መልሱ ይገለጥለታል።

አንድ ጥያቄ እንውሰድ። «ዜር ዋዝ ___ ኢንፎርሜሽን አባውት ዚ ኤግዛም፣ ሶ ዘ ስቱደንትስ ዌር ዎሪድ» ይላል። ምርጫዎቹ «ፊው»፣ «ኤ ፊው»፣ «ሊትል» እና «ኤ ሊትል» ናቸው። መጀመሪያ ዓይን መሄድ ያለበት ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ወዳለው ስም ነው። «ኢንፎርሜሽን» መጨረሻው ላይ «ስ» የለውም፤ ግሡም ለነጠላ የሚሆነው «ዋዝ» ነው። ሁለቱ «ፊው»ዎች በዚህ ይወድቃሉ። ቀጥሎ የኋለኛው ሐረግ ይነበባል፤ ተማሪዎቹ ተጨንቀዋል። መረጃው እምብዛም ስላልነበረ ነው የተጨነቁት፤ ስለዚህ መልሱ «ሊትል» ነው። መጨረሻው ተለውጦ «ስለዚህ ተማሪዎቹ ከምን እንደሚጀምሩ አወቁ» የሚል ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው ባዶ ቦታ «ኤ ሊትል» ይገባ ነበር። ስሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው።

ጎረቤት ቃላትም ይረዳሉ። ከባዶው ቦታ በፊት «ኦንሊ» ካለ «ኤ» አብራ ትመጣለች፤ «ቬሪ» ካለ አትመጣም። «ኳይት ኤ ፊው» የሚለው ደግሞ ቃል በቃል ቢተረጎም ያሳስታል፤ ትርጉሙ «ጥቂት» ሳይሆን «ብዙ» ነው።

«ሳም» እና «ኤኒ» በሌላ ሚዛን ይመዘናሉ። ሁለቱም ከሚቆጠርም ከማይቆጠርም ስም ጋር ስለሚሄዱ ስሙን ማየት አይጠቅምም። በአዎንታዊ ዐረፍተ ነገር «ሳም»፣ በአሉታና በጥያቄ «ኤኒ» ይባላል። እንግዳ ተቀባይዋ ቡና ልትቀዳ ስትጠይቅ ግን መልሱ «አዎ» እንዲሆን ትጠብቃለችና፣ ጥያቄ ቢሆንም «ሳም ኮፊ» ትላለች። በሌላ በኩል «ኖት» ሳይኖር አሉታ የሚያዝሉ ቃላት አሉ፤ «ዊዝአውት» እና «ሃርድሊ» ካሉ «ኤኒ» ይመረጣል።

እዚህም አማርኛው ጣልቃ ይገባል። «ምንም ገንዘብ የለኝም» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ምንም» እና «የለኝም» አብረው እንዲቆሙ ያስገድዳል። ይህን የለመደ ሰው በመደበኛው እንግሊዝኛም አሉታውን ሁለት ጊዜ ይደግምና «አይ ዶንት ሃቭ ኖ መኒ» ይላል። ግሡ አሉታ ከሆነ «ምንም» የሚለውን የሚተካው «ኤኒ» ነው፤ «ኖ» የሚገባው ግሡ አዎንታዊ ሲሆን ብቻ ነው።

አንዳንድ ስሞች ደግሞ እንደ ትርጉማቸው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። ካፌ ገብቶ «ሁለት ቡና» ማዘዝ በእንግሊዝኛም ይቻላል፤ «ቱ ኮፊስ» ሲባል የሚቆጠረው ስኒው ነው። በጣም የሚያደናግረው ግን «ታይም» ነው። «ግንባታው ብዙ ጊዜ ወሰደ» ሲባል የሚነገረው ስለ ቆይታው ስለሆነ የሚያስፈልገው «መች ታይም» ነው። «ብዙ ጊዜ ደውዬለት ነበር» ሲባል ግን ጥሪዎቹ ተቆጥረዋል፤ ይህኛው «ሜኒ ታይምስ» ነው። አማርኛው በሁለቱም ቦታ ያው «ብዙ ጊዜ» ነው፤ ተማሪው «ስንት ሰዓት?» እና «ስንቴ?» ብሎ ቢጠይቅ የትኛው ምን እንደሆነ ይለያል።