ካርታው 216 ይላል፣ ግቢው 261 ነው

እናታችን ልጆቿን ሁሉ ድራ ብቻዋን ስትቀር ቤቱን ሸጣ በእህቴ ሰፈር አፓርትመንት ለመግዛት ወሰነች። ገዢ ተገኘ፣ በካሬ ሜትር ዋጋ ተስማማን፣ ካርታው ከሳጥን ወጣ። ሰውየው ግቢውን በዓይኑ ለካና ካርታውን አየ። «እዚህ 216 ነው የሚለው፣ እኔ የምገዛው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው» አለን። ወንድሜ በበኩሉ ግቢው ከ250 እንደማያንስ እርግጠኛ ነበር። ካርታው ትክክል ከሆነ ደግሞ አጥራችን የጎረቤት መሬት ላይ ቆሟል ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ቡና አብረን የጠጣንበትን ግቢ በጥርጣሬ ዓይን ማየት ጀመርን።

የእናቴን ውክልና ይዤ መሬት አስተዳደር የተመላለስኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፣ ስለ ቅየሳ የማውቀው አልነበረም። ከሦስት ወር በላይ ከተመላለስኩ በኋላ የገባኝን ነው የምነግርዎ። ማንኛውም መስኮት ፊት ከመሰለፍዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ፦ የተሳሳተው የተጻፈው ቁጥር ነው ወይስ ወሰኑ? ሁለቱ ጥያቄዎች ቢመሳሰሉም ማስረጃቸውም መንገዳቸውም ይለያያል።

ካርታው ራሱን ይመሰክራል

ካርታዎን ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ። የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር አንድ ቦታ ላይ ተጽፏል። የግቢው ቅርጽ ተስሎ የየጎኑ ርዝመት ተቀምጧል። ብዙ ካርታዎች ላይ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ማዕዘን ኤክስ እና ዋይ የሚሉ ረጃጅም ቁጥሮች የያዘ ሰንጠረዥ ያገኛሉ፤ ይህ ኮኦርዲኔት የሚባለው ነው። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። ካልተስማሙ ስህተቱ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ለዚህም አጥር መለካት አያስፈልግዎትም።

የእኛ ግቢ ፊት ለፊቱ 15 ሜትር፣ ጀርባው 14 ሜትር፣ ጥልቀቱ 18 ሜትር ነው። ፊቱና ጀርባው ትይዩ ስለሆኑ ሁለቱን ደምረን ለሁለት ስናካፍል 14.5 ይመጣል፤ በ18 ስናባዛው 261። ወረቀቱ ላይ ግን 216 ተጽፏል። ስድስቱና አንዱ ቦታ ተለዋውጠዋል!

ግቢዎ እንዲህ ቀና ካልሆነ ኮኦርዲኔቱ ይረዳዎታል። ከኤክስ ቁጥሮች ሁሉ ትንሹን ኤክስ፣ ከዋይ ቁጥሮችም ትንሹን ዋይ ይቀንሱ፤ ቁጥሮቹ አጭር ይሆናሉ። የእኛ አራት ማዕዘኖች እንዲህ ሆኑ፦ አንደኛው 0 እና 0፣ ሁለተኛው 15 እና 0፣ ሦስተኛው 14 እና 18፣ አራተኛው 0 እና 18። አሁን በአጥሩ ዙሪያ በቅደም ተከተል ይሂዱ። የእያንዳንዱን ማዕዘን ኤክስ በቀጣዩ ማዕዘን ዋይ ያባዙ፣ ከዚያ ላይ የቀጣዩን ኤክስ በዚህኛው ዋይ አባዝተው ይቀንሱ። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው 0፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው 270፣ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው 252፣ ከአራተኛው ወደ አንደኛው ተመልሶ 0 ይመጣል። ድምሩ 522፣ ግማሹ 261። የስልክዎ ካልኩሌተር ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ልንገርዎ። ወንድሜ የማዕዘኖቹን ቁጥር ስልኩ ላይ ካለው ካርታ ጋር ሊያስተያይ ሞክሮ ቤታችን ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ወጣ። ደነገጥን። የተሳሳተ ነገር ግን አልነበረም። በአገራችን የቆዩት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው፤ ስልክ የሚጠቀመው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። በዚያ ላይ የስልክ ጂፒኤስ ራሱ በጥቂት ሜትር ይስታል። ስለዚህ ስልክዎን ለወሰን ማስረጃ አድርገው አያቅርቡ።

ከዚያ ወደ አጥሩ

ወረቀቱ ከራሱ ጋር ከተስማማ፣ ወይም እንደኛ የትኛው ቁጥር እንደተሳሳተ ካወቁ፣ ቀጥሎ የየጎኑን ርዝመት በሜትር ይለኩ። ለካርታው የሚሠራው አግድም ርዝመት መሆኑን አይርሱ። ቦታዎ ተዳፋት ከሆነና ሜትሩን መሬት ላይ አስተኝተው ከለኩ ሁልጊዜ የሚበልጥ ቁጥር ያገኛሉ። በየአራት ሜትሩ አንድ ሜትር በሚወርድ ግቢ፣ መሬት ላይ ተኝቶ 18 ሜትር ያነበበ ሜትር አግድሙ 17.46 ብቻ ነው። በእኛ ግቢ ስፋት ቢሰላ ወደ 8 ካሬ የሚጠጋ ልዩነት ይፈጥራል። የሚጮህ ስህተት ይመስላል፣ ግን ስህተት አይደለም። ሜትሩን አግድም ወጥረው፣ ቁልቁለቱን ከፋፍለው ይለኩ።

በዚህ መንገድ ለክተው ሁሉም ጎን ከካርታው ጋር ከገጠመ ጥያቄዎ ቀላል ነው፤ የቁጥር እርማት ብቻ። አንዱ ጎን ከተለየ ግን ጉዳዩ የወሰን ሆነ። ለምሳሌ ካርታው ላይ 15 ሜትር የተባለው ፊት 15.80 ሆኖ ቢገኝና ያ 80 ሳንቲሜትር እስከ ጀርባ ቢዘልቅ 14.4 ካሬ ማለት ነው። ያ መሬት የእርስዎ ሆኖ በልኬት ስህተት ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ አጥሩ ሲታደስ ወደ ጎረቤት ወይም ወደ መንገድ ተገፍቶም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለዩ «ስህተት ይታረምልኝ» ብለው ቢያመለክቱ ጥያቄዎ ትርፍ መሬት ይካተትልኝ እንደማለት ሊታይ ይችላል። ያኔ የሊዝ ጉዳይ ይከተላል፣ መንገድ ነክቶ ከሆነ ደግሞ አጥር አፍርሱ ሊባሉ ይችላሉ።

የት ይመለከታል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት በር አለ። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ ይዞታዎች በየሰፈሩ እየተረጋገጡ በካዳስተር ይመዘገባሉ። ቦታዎ በዚህ ተመዝግቦ የራሱ መለያ ኮድ ከተሰጠው እርማቱን የሚጠይቁት መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት ነው። ገና ከሆነ ካርታውን ወደሰጠው መሬት አስተዳደር ይሄዳሉ። ይህን ሳላጣራ ሄጄ ስድስት ቀን የተሳሳተ መስኮት ፊት አሳልፌያለሁ።

ሰፈርዎ ተራው ደርሶት የማረጋገጥ ሥራ እየተካሄደ ከሆነ ደግሞ ይህ መልካም አጋጣሚ ነው። የልኬቱ ውጤት ለሕዝብ ይፋ ሲለጠፍ ሄደው የራስዎን ቁጥር ይዩ፤ በማስታወቂያው ላይ የተቀመጠው ቀን ሳያልፍ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡ። ከተመዘገበ በኋላ ከማሳረም ያኔ ማሳረም ይቀላል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። የመጀመሪያ ማመልከቻዬ ሁለት ገጽ ነበር፤ የእናቴን ዕድሜና ችግር ሁሉ ዘርዝሬበታለሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አንብበው «ልጄ፣ ምኑ ነው የተሳሳተው?» አሉኝ። ሁለተኛው እንዲህ የሚል ነበር፦ «በካርታችን ላይ የቦታው ስፋት 216 ካሬ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ካርታ ላይ ያሉት ኮኦርዲኔቶችና የጎን ርዝመቶች ሲሰሉ ግን 261 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። የወሰን ለውጥ አልጠየቅንም። ማህደሩ ታይቶ፣ አስፈላጊ ከሆነም በመስክ ተለክቶ የስፋቱ ቁጥር እንዲታረም እንጠይቃለን።» ስሌቱን በአንድ ገጽ አያያዝኩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ከማመልከቻው ጋር የቆዩ ወረቀቶችን ያቅርቡ። የቦታ ኪራይ የሚከፈለው በካሬ ሜትር ስለሆነ የድሮ ደረሰኞች ስፋቱን ሊመሰክሩ ይችላሉ። የግንባታ ፈቃድ ሲወጣ የተሠራ ፕላንም ጠቃሚ ነው። ካርታው ባንክ በመያዣነት ካለ ባንኩ ማወቅ አለበት። ባለይዞታው ውጭ አገር ከሆነ ወይም እንደ እናቴ መመላለስ ካልቻለ፣ ውክልናው የካርታ እርማት መጠየቅንና አዲሱን ካርታ መረከብን በግልጽ መጥቀስ አለበት።

ማህደሩና መስኩ

ስህተቱ የተገኘው ማህደሩ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሲለካ በእጅ የተሞላው የመስክ ቅጽ 261 ይላል፤ ካርታው ሲተየብ 216 ሆኗል። ማህደርዎ ሲወጣ ይህን ቅጽ እንዲፈልጉልዎ በስሙ ይጠይቁ። እንዲህም ሆኖ ቀያሽ ተላከ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ የሚያድግ ከሆነ ቦታውን ሳያይ የሚፈርም ኃላፊ አይኖርም።

ልኬቱ በሚካሄድበት ቀን አዋሳኞች ቢገኙ ይመረጣል። እኛ ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ጎረቤታችን ጋሼ ቤት ሄደን ስሌቱን አሳየናቸው። «የእኔን አጥር ጠርጥራችሁ ነበር አይደል?» ብለው ሳቁ። አላስተባበልንም። በልኬቱ ዕለት ከማዕዘኑ ድንጋይ አጠገብ ቆመው ወሰኑ ያ መሆኑን አረጋግጠው ፈረሙ። አዋሳኝ ካልተስማማ መሥሪያ ቤቱ ወሰኑን በራሱ አይቆርጥም፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። የቁጥር እርማት የነበረው የዓመታት ክርክር ሊሆን ይችላል። ጎረቤትን አስቀድሞ ማናገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የመስኩ ውጤት 260 ካሬ ሆነ። ወንድሜ ስለ አንዷ ካሬ ሊከራከር ፈልጎ ነበር። አዲሱ ልኬት በተሻለ መሣሪያ የተወሰደ ነው፣ የአንድ ካሬ ልዩነትም ያን ያህል የሚያከራክር አልነበረም፤ ተቀበልን። የእርስዎ ጥያቄ ውድቅ ከተደረገ ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተነገረ «አይሆንም» ይግባኝ አይባልበትም።

አዲሱ ካርታ ሲሰጥዎ ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡት፤ ስፋቱን፣ የጎን ርዝመቱን፣ ኮኦርዲኔቱን፣ የአዋሳኞቹን አቅጣጫ። እርማቱ ማህደሩና መዝገቡ ላይ መግባቱንም ይጠይቁ፣ ወረቀቱ ብቻ ከታረመ የሚቀጥለው ሰው ያንኑ የድሮ ቁጥር አውጥቶ ይጽፈዋልና። እኔ እዚያው ቆሜ ሳነብ ሰሜንና ደቡብ ያሉት አዋሳኞች ተቀያይረው አገኘሁ። ሠራተኛዋ ሳትቆጣ ተቀብላኝ በማግስቱ አስተካክላ ሰጠችኝ።

ገዢው በ260 ካሬ ከፈለ። እናቴ ዕቃዋን ስትጭን የመጨረሻዋን ቡና ያፈላችው ጋሼ ቤት ነበር።