ፀሐይ ለማን ትሸጣለች?

ሀብተሥላሴ ታፈሰ ለቱሪስቶች ያወጡት የእንግሊዝኛ መፈክር የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን ተስፋ ይሰጣል። በአማርኛ የታወቀው ግን «የ13 ወር ፀጋ» ተብሎ ነው። ከብርድ አገር የሚመጣ እንግዳ ፀሐይ ይናፍቃል፤ የአገሩ ሰው ግን ፀሐይ ሲበረታ ጥላ ይፈልጋል። መፈክሩ ቃሉን ለውጦ ስሜቱን አዳነ።

ሆቴሎችም የሚፈተኑት እዚሁ ላይ ነው። አንድ ሆቴል «ቤት ለእንግዳ» የሚለውን አባባል ወደ እንግሊዝኛ ማዞር ፈለገ እንበል። ቃል በቃል ሲገለበጥ «ሀውስ ፎር ጌስትስ» ይሆናል፤ አንባቢው ግን አነስተኛ ገስት ሀውስ የተዋወቀ ይመስለዋል። አባባሉ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ለሚል ሰው የሚሰጥ የ«ግቡ» መልስ መሆኑ ይጠፋል። ስለዚህ ተርጓሚው ግብዣውን ይዞ «ኮም ኢን፣ ዊ ወር ኤክስፔክቲንግ ዩ» ቢል ይሻላል።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ የእንግሊዝኛው «ዩ» አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም ይሆናል። «ዘና በል» ለወጣቶች ጭፈራ ቤት ሊያምር ይችላል፤ ለሠርግ አዳራሽ ግን «ዘና ይበሉ» ያስፈልጋል። በቃላት ድምፅ የሚያስቅ ቀልድ ከሆነ መተርጎሙን ትቶ በአማርኛ አዲስ መፍጠር ይቀላል።

ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ዋናውን ያላየ ሰው ትርጉሙን አንብቦ ምን እንደተጋበዘ ይናገር። ከተሳሳተ፣ መስተካከል ያለበት መፈክሩ ነው።