ከሁለት ጤና ጣቢያዎች እኩል የራቀችው መንደር

ሁለት ጤና ጣቢያዎችና ስምንት መንደሮች ያሉት አንድ ወረዳ እናስብ። እያንዳንዱ መንደር በእግር ቶሎ በሚደረስበት ጤና ጣቢያ ይመደብ ተብሏል። ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ መለካት አያዋጣም፤ በካርታው ላይ ጣት የማያሳልፉ ሁለት ቦታዎች መካከላቸው ገደል ካለ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያስፈልገው ሰው በእውን የሚሄድበት መንገድና መንገዱ የሚፈጀው ደቂቃ ነው። ስምንት መንደር ከሆነ በወረቀት ይሠራል። ስምንት ሺህ ከሆነ ግን ሥራው የኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩም የሚከተለው ዘዴ ከስልሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው።

ዘዴውን ያገኘው ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ ነው። በ1956 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብ ማዕከል ይሠራ ነበር። ማዕከሉ አርማክ የተባለ አዲስ ኮምፒውተር ሠርቶ ስለነበር፣ ስለ ማሽን ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ጥያቄውንም መልሱንም የሚረዳው ማሳያ ተፈለገ። ዳይክስትራ የመረጠው ጥያቄ ከአንድ የሆላንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚወስደው አጭሩ መንገድ የትኛው ነው የሚል ነበር፤ ለዚህም 64 ከተሞች ያሉበት ካርታ አዘጋጀ። ኋላ ሲያወራ እንደተናገረው ዘዴውን ያሰበው ከእጮኛው ጋር ገበያ ውሎ ደክሞት ቡና ሊጠጣ በተቀመጠበት፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ነው። ጽሑፉ የታተመው በ1959 ሲሆን ጥቂት ገጾች ብቻ ናት።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከመነሻው ተነስተህ እስካሁን ከደረስክባቸው ቦታዎች ሁሉ በጣም ቅርቡን ትመርጣለህ። የዚያ ቦታ ርቀት ከእንግዲህ አይለወጥም፤ ሌላ መንገድ ዞሮ ቢመጣ እንኳ የሚያልፈው ከእሱ በራቁ ቦታዎች ስለሆነ አጥሮ ሊመጣ አይችልም። ከዚያ ከተመረጠው ቦታ የሚወጡትን መንገዶች እያየህ የጎረቤቶቹን ርቀት ታሻሽላለህ፤ ቀጥሎ እንደገና ቅርቡን ትመርጣለህ። ዘዴው የሚሠራው ታዲያ የትኛውም መንገድ ከዜሮ በታች ካልሆነ ነው። በእግር መንገድ ላይ ይህ አያሳስብም።

አስቸጋሪው “ቅርቡን ምረጥ” የሚለው ነው። መቶ ሺህ ቦታ ያለበት ካርታ ላይ በየደረጃው ሁሉንም እያዩ ቅርቡን መፈለግ እስከ አሥር ቢሊዮን ማየት ይጠይቃል። የቅድሚያ ወረፋ የሚባለው አሠራር የመጣው ለዚህ ነው። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንዳለው ወረፋ ነው፤ ቀድሞ የሚገባው ቀድሞ የመጣው ሳይሆን ሕመሙ የጸናበት ነው። እዚህ ቅድሚያ የሚያገኘው ርቀቱ ያነሰው ነው። ወረፋውን ሙሉ በሙሉ በተርታ መደርደር አያስፈልግም። ጄ. ደብሊው. ጄ. ዊሊያምስ በ1964 ባወጣው ሂፕ የተባለ አደረጃጀት እያንዳንዱ ከሥሩ ካሉት ሁለቱ አለመብለጡ ብቻ ይጠበቃል፤ ያ ከሆነ ትንሹ ምንጊዜም ከላይ ይገኛል። መቶ ሺህ ነገር በያዘ ሂፕ ውስጥ አንድ አዲስ ነገር ቦታውን ለመያዝ የሚበዛው አሥራ ሰባት ደረጃ ያህል መውጣት ነው።

አሁን ወደ ወረዳችን እንመለስ። ጤና ጣቢያዎቹን ሀ እና ለ እንበላቸው፤ መንደሮቹን ደግሞ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ፣ በ፣ ነ፣ ተ እና ቸ። ከሀ እስከ መ 30 ደቂቃ፣ ከሀ በቀጥታ እስከ ረ 90፣ ከመ እስከ ረ 40 ነው። በወዲያ በኩል ከለ እስከ ሰ 20፣ ከሰ እስከ ቀ 50። መሃሉ ላይ ረ እና ቀ በ25 ደቂቃ ይገናኛሉ። በ ከረም ከቀም 30፣ 30 ደቂቃ ትርቃለች፤ ከእሷ አልፎ ነ በ20 ደቂቃ ትገኛለች። ተ እና ቸ ከወንዝ ማዶ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው 15 ደቂቃ ቢራራቁም ድልድይ የለም።

ለየጤና ጣቢያው ሥራውን ለየብቻ መድገም አያስፈልግም። ሁለቱንም በዜሮ ርቀት በአንድ ጊዜ ወረፋው ውስጥ ማስገባት ይበቃል፤ ከሁለቱም እኩል እየሰፉ ይሄዳሉ፣ መንደሩም ቀድሞ የደረሰለት ይሆናል። ሀ እና ለ ሲወጡ መ በ30፣ ረ በ90፣ ሰ በ20 ይገባሉ። ከእነዚህ የሚያንሰው ሰ ነውና ይወጣል፤ ቀን በ70 ያስገባል። ቀጥሎ መ ይወጣል፤ በእሱ በኩል ረ 70 ደቂቃ ብቻ ሆና ትገኛለች። አሮጌውን 90 ከወረፋው መሃል ፈልጎ ማውጣት አድካሚ ስለሆነ እዚያው ይተውና አዲሱ 70 ይጨመራል። አሮጌው ተራው ደርሶ ሲወጣ “ረ በ70 ተይዛለች፣ ይህ ያለፈበት ነው” ተብሎ ይጣላል። ይህን ማጣራት የረሳ ፕሮግራም ትክክለኛ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ያንኑ ቦታ ደጋግሞ እየሠራ ይንቀራፈፋል።

አሁን ወረፋው ላይ ረ እና ቀ ሁለቱም በ70 ቆመዋል። ማን ይቅደም? ለርቀቱ ግድ የለም፤ ማንም ቢቀድም ደቂቃዎቹ አንድ ዓይነት ይወጣሉ። ለምደባው ግን ግድ አለው። ረ ከቀደመች በ በ100 ደቂቃ ለሀ ትመዘገባለች። ቀ ተከትላ ስትመጣ ያው 100 ነው፤ ፕሮግራሙ “ካነሰ ለውጥ” ስለሚል አይለውጥም። ቀ ብትቀድም ኖሮ ባለቤቷ ለ ይሆን ነበር። ነም የምትደረስው በበ በኩል ስለሆነ በ120 ደቂቃዋ ተከትላት ትሄዳለች። ስለዚህ ሁለት መንደር በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚመደብ የወሰነው መንገዶቹ ፋይሉ ላይ የተጻፉበት ቅደም ተከተል ሊሆን ይችላል። ይህን ማንም አልወሰነውም፣ ሪፖርቱም ላይ አይታይም። በእኔ ዕይታ ከተሳሳተ ቁጥር የከፋው ይህ ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ቢያንስ ሲታይ ይጎረብጣል።

መፍትሔው ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው ደንብ አውጥቶ አንዱን መምረጥ ነው፤ ርቀት እኩል ሲሆን መለያ ፊደሉ የሚቀድመው ይውሰድ ማለት። በፓይተን ርቀቱንና ጤና ጣቢያውን አንድ ላይ አጣምሮ ማወዳደር ይህን ያስከብራል፦

```python
cand = (d + w, center)
if nxt not in best or cand < best[nxt]:
    best[nxt] = cand
    heapq.heappush(queue, cand + (nxt,))
```

መጀመሪያ ርቀት ይወዳደራል፤ እኩል ከሆነ ብቻ ፊደሉ ይታያል። ፋይሉ ቢገለባበጥም በ እና ነ ሁልጊዜ ለሀ ይደርሳሉ። መልሱ አይዋዥቅም፤ ፍትሐዊ ነው ማለት ግን አይደለም፣ ሀ የፊደል ዕድለኛ ሆኗልና። ሁለተኛው መልክ እኩል የሆኑትን ሁሉ መያዝ ነው። አዲሱ ርቀት ካነሰ የቀድሞው ዝርዝር ይሰረዛል፣ እኩል ከሆነ ጤና ጣቢያው ዝርዝሩ ላይ ይጨመራል። በ “ሀ እና ለ” ተብላ ትወጣለች፣ ነም እንዲሁ፤ ከዚያ ስንት ሐኪም የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይወስናል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ ሁሉም መንገድ ከዜሮ በላይ መሆን አለበት። ዜሮ ደቂቃ የተሰጠው መንገድ ካለ፣ ከወረፋው ወጥቶ ጎረቤቶቹን የጨረሰ መንደር ዘግይቶ ሌላ እኩል ባለቤት ሊያገኝ ይችላል፤ ያ ዜና ከእሱ ማዶ ላሉት ሳይደርስ ይቀራል።

ደቂቃውም ሙሉ ቁጥር ይሁን። ኮምፒውተር 0.1 እና 0.2ን ሲደምር 0.30000000000000004 ይሰጣል፤ እኩል የነበሩት በጭራ ቁጥር ይለያዩና አንዱ ሳይገባው ያሸንፋል። በፓይተን ሌላም ወጥመድ አለ። ወረፋው ላይ ከርቀቱ ቀጥሎ የተቀመጠው ነገር እርስ በርሱ የማይወዳደር ከሆነ፣ ሁለት ርቀቶች እኩል በሆኑ ቀን ፕሮግራሙ `TypeError: '<' not supported` ብሎ ይቆማል። እስከዚያ ግን ምንም ሳይታይበት ለወራት ሊሠራ ይችላል።

ቀሩን ተ እና ቸ። ወረፋው ነን አውጥቶ ባዶ ሲሆን እነሱ ጋ ማንም አልደረሰም። ስለዚህ የመቆሚያው ምልክት “ሁሉም መንደር ሲያልቅ” ሳይሆን “ወረፋው ባዶ ሲሆን” መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ ከባዶ ወረፋ ለማውጣት ሲሞክር ይወድቃል። ከላይ ባየነው አጻጻፍ ያልተደረሰበት መንደር `best` ውስጥ ጨርሶ አይገኝም፤ የለም ማለት መንገድ የለውም ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ለዚህ “የለም” ቁጥር ሲፈለግለት ነው። የተደረሰባቸው ስድስት መንደሮች 30፣ 70፣ 20፣ 70፣ 100 እና 120 ደቂቃ ይወስዳሉ፤ አማካዩ 68 ደቂቃ ገደማ ነው። ለተ እና ለቸ 9999 ከተጻፈ የወረዳው አማካይ 2551 ደቂቃ፣ ማለትም ከ42 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ይህ ቢያንስ ያስቃል። ዜሮ ከተጻፈ ግን አማካዩ 51 ደቂቃ ይሆንና ድልድይ የሌላቸው ሁለት መንደሮች ወረዳውን የተሻለ አስመስለው ያሳያሉ። በጃቫ ደግሞ ብዙዎች ለ“ማይደረስ” ትልቁን ቁጥር 2147483647ን ይጠቀማሉ። ተ በዚህ ቁጥር ከወረፋው ወጥቶ ወደ ቸ የሚወስደው 15 ደቂቃ ሲደመርበት ቁጥሩ ሞልቶ ይገለበጥና -2147483634 ይሆናል፤ ቸ ከሁሉም የቀረበች መንደር ሆና ታርፋለች።

ያልተደረሰበት ሁሉ በእውነት የተቆረጠ ላይሆንም ይችላል። ካርታውን የሳለው ሰው ሁለት መንገዶች የሚጋጠሙበትን ቦታ ጥቂት ሜትር አሳስቶት ከሆነ፣ በዓይን አንድ የሚመስሉት መስመሮች ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው። የተቆረጠው ቡድን በካርታው ላይ ከዋናው መረብ በጥቂት ሜትር ብቻ የሚርቅ ከሆነ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ስዕሉ ላይ ይሁን፤ ወንዝ ካለ ግን እውነት ነው። አቅጣጫም አለ። ዳገትና ቁልቁለት አንድ ደቂቃ አይፈጁም፤ ስሌቱ ከጤና ጣቢያው ስለሚነሳ፣ ታማሚው የሚመጣበትን ጊዜ ለማግኘት መንገዶቹ መገልበጥ አለባቸው።

ማንም ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ አለ። የመንገዶቹን ዝርዝር በዘፈቀደ አደባልቆ እንደገና ማስኬድ፤ የአንድም መንደር ምደባ ከተለወጠ ፕሮግራሙ የእኩልነት ደንብ የለውም። ከዚያ የተመደቡትንና ያልተደረሰባቸውን ለየብቻ ቆጥሮ መደመር፤ በእኛ ወረዳ ስድስትና ሁለት፣ ስምንት መምጣት አለበት።