ከአዲስ አበባ ችሎት ወደ ኒውዮርክ ባር

በአገር ቤት ለዓመታት ችሎት ቆማ የተከራከረች ጠበቃ አሜሪካ ስትገባ በሕግ ዓይን ጠበቃ አይደለችም። ጎረቤቷ የኪራይ ውሉን ይዞ ቢመጣና «መብቴ ምንድን ነው?» ቢላት የሕግ ምክር ልትሰጠው አትችልም፤ ከሰጠች ያለ ፈቃድ ጥብቅና እንደሠራች ሊቆጠርባት ይችላል። የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ደንብ ነው። ብዙዎቹ ስቴቶች በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ያልተማረን ሰው ለፈተና አያስቀምጡም። ኒውዮርክ ግን ለውጭ ምሩቃን በሩን ከፍታለች፤ ዜግነትም አትጠይቅም። ስለዚህ አብዛኛው የውጭ ምሩቅ የሚያመራው ወደዚያው ነው።

ብዙ ሰው ይህን መንገድ ከፈተናው ይጀምረዋል። የመሰናዶ መጽሐፍ ገዝቶ ማታ ማታ ያነባል። እኔ ግን ገንዘብና ዓመት የሚባክነው ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ውሳኔዎች ላይ ነው እላለሁ፤ እነሱም የብቃት ግምገማውና የኮርስ ምርጫው ናቸው።

ለማሳያ ያህል አንዲት ሴት እናስብ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ሕግ ተምራለች፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች በጥብቅና ፈቃድ ስድስት ዓመት ሠርታለች፣ ዲቪ ደርሷት አሁን ሜሪላንድ ትኖራለች። የኒውዮርክ ደንብ፣ ቁጥሩ 520.6 የሚባለው፣ ስለ ትምህርቷ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው የጊዜ ጥያቄ ነው፤ ትምህርቷ ከአሜሪካው የሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ጋር ይተካከላል ወይ? አምስት ዓመት በመደበኛ ስለተማረች እዚህ ላይ ችግር የለባትም። ሁለተኛው የይዘት ጥያቄ ነው፤ የተማረችው ሕግ በእንግሊዝ ኮመን ሎው ላይ የቆመ ነው ወይ? እዚህ ላይ ትወድቃለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀ፣ ከአውሮፓው የሲቪል ሎው ወግ የተቀዳ ነውና።

ደንቡ አንዱን ጉድለት ብቻ በተጨማሪ ትምህርት እንድታሟላ ይፈቅድላታል፤ ሁለቱን አይፈቅድም። የኮመን ሎው ትምህርት የሌለውና የትምህርት ዘመኑም አጭር የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ የቀድሞውን የሁለት ዓመት የሕግ ዲፕሎማ ብቻ የያዘ፣ ምንም ዓይነት ማስተርስ ቢጨምር በዚህ መንገድ አያልፍም። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማወቂያው መንገድ ለኒውዮርክ የሕግ ፈታኞች ቦርድ የውጭ ትምህርት ግምገማ ማመልከቻ ማስገባት ነው። ትራንስክሪፕቱ፣ የዲግሪው ማረጋገጫና በአገሯ ለጥብቅና የሚያበቃውን ትምህርት ማሟላቷን የሚገልጸው ደብዳቤ ለቦርዱ ከየተቋሙ በቀጥታ መላክ አለባቸው። በእጇ ያለውን ዋናውን ዲግሪ ራሷ ብትልክ አይቀበሏትም። ስለዚህ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ የሚጠይቅ፣ ደብዳቤው ታሽጎ መላኩን የሚከታተል ወንድም ወይም ባልደረባ አዲስ አበባ ያስፈልጋታል። መዘግየቱ የሚመጣውም ከዚሁ ነው፤ ቦርዱም ፈተናው ከመድረሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ማመልከትን ይመክራል። የግምገማው መልስ ሳይመጣ ለትምህርት ክፍያ እጅን መዘርጋት ትልቅ አደጋ ነው፤ ክፍያው በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነውና።

መልሱ «የይዘት ጉድለት አለብሽ፣ አሟይ» ካላት ማሟያው ኤልኤልኤም የሚባለው ማስተርስ ነው። በአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር እውቅና ባለው ትምህርት ቤት፣ ቢያንስ 24 ክሬዲት ትማራለች። ከ24ቱ ውስጥ 12ቱን ደንቡ ራሱ ቆርጦ አስቀምጧል፦ 2 ክሬዲት የጠበቃ ሥነ ምግባር፣ 2 የሕግ ጥናትና ጽሑፍ፣ 2 የአሜሪካ ሕግ ሥርዓት መግቢያ፣ 6 ደግሞ በባር ፈተና ከሚጠየቁ ትምህርቶች። የቀሩት 12 በምርጫዋ የሚሞሉ ናቸው። ጥፋቱ የሚፈጠረው እዚህ ነው። ሴትየዋ ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሕግ ትወዳለች እንበል። ሙሉ ፕሮግራሙን በእሱ ሞልታ ማዕረግ ይዛ ብትመረቅም ስድስቱ ክሬዲት ከጎደሉ ለፈተና አትቀመጥም። አማካሪዋም ኒውዮርክ የምትፈተን መሆኗን ካላወቀ አያስታውሳትም። ኮርስ ስትመዘገብ የደንቡን ዝርዝር በእጇ ይዛ አንድ በአንድ ማመሳከር ያለባት ራሷ ናት።

ፈተናው ሁለት ቀን ነው፤ በየካቲትና በሐምሌ ይሰጣል። አንዱ ቀን 200 የምርጫ ጥያቄ፣ ሌላው ቀን ስድስት የድርሰት ጥያቄና ሁለት የተግባር ጽሑፍ አለው። ከ400 ነጥብ 266 ማምጣት ያስፈልጋል። የውጭ ምሩቃን የማለፍ ምጣኔ ከግማሽ በታች የሆነባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱን እንግሊዝኛ ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው፤ የአስተሳሰቡ መንገድ ራሱ ይለያል።

አንድ ጥያቄ እንውሰድ። ሾፌር በመንደር መንገድ ሲነዳ ኳስ ተከትሎ የገባ ሕፃን ይገጫል፤ ቤተሰቡ ካሳ ይጠይቃል። የእኛዋ ጠበቃ እጇ ወደ ፍትሐ ብሔር ቁጥር 2081 ይሄዳል፦ የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። በአሜሪካው ድርሰት ይህ ብዙ ነጥብ ያስጥላል። እዚያ ሾፌሩ ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ ነበረበት ወይ፣ ግዴታውን ጣሰ ወይ፣ ጉዳቱ የደረሰው በመጣሱ ነው ወይ፣ ጉዳቱስ ምንድን ነው ብላ በተራ መጠየቅ፣ ለእያንዳንዱም ከታሪኩ ፍሬ ነገር እየጠቀሰች መልስ መስጠት አለባት። ፍጥነቱ፣ የመንገዱ ጥበት፣ በአካባቢው ሕፃናት መኖራቸውን ማወቁ ሁሉ ነጥብ ነው። ለአንድ ድርሰት ያላት ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ነው። የአንቀጽ ቁጥር የሚጠይቃት የለም፤ ፍሬ ነገሩን ከሕጉ ጋር ማዛመዷን ነው የሚያዩት። ልማዱ የሚለወጠው በሰዓት እየለኩ ብዙ ድርሰት በመጻፍና ከናሙና መልስ ጋር በማስተያየት እንጂ በማንበብ ብቻ አይደለም።

ከዋናው ፈተና ጎን የሥነ ምግባር ፈተና አለ፤ ኒውዮርክ 85 ነጥብ ትጠይቃለች። የኒውዮርክን የራሷን ሕግ የሚመለከት፣ መጽሐፍ ተፈቅዶ የሚሠራ የ50 ጥያቄ ፈተናም አለ፤ 30 ያገኘ ያልፋል። ሃምሳ ሰዓት ነፃ የሕግ አገልግሎት በኃላፊ ክትትል መስጠትም ግዴታ ነው፤ በትምህርቷ ዓመት ብትጨርሰው ይሻላል። የሙያ ክህሎት ማረጋገጫውን ደግሞ በአገር ቤት በፈቃድ የሠራችው ጥብቅና ሊሸፍንላት ይችላል። ስለዚህ የፈቃዷን ማስረጃና የቀድሞ አሠሪዎቿን ደብዳቤ አስቀድማ ትሰብስብ።

ከኒውዮርክ ውጭ ስለምትኖር የመጨረሻው የጠባይ ምርመራና የመሐላው ሥነ ሥርዓት የሚጠብቃት በኦልባኒ ባለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ክፍል ነው።

ፈቃዷ የኒውዮርክ ከሆነ ሜሪላንድ ውስጥ ምን ትሠራበታለች? የፈተናው ውጤት ወደ ሌሎች ስቴቶች ሊዛወር ይችላል፤ ብቃቷ ግን አብሮ አይዛወርም። ዋሽንግተን ዲሲ ለምሳሌ በፈተናው ከሚጠየቁ ትምህርቶች 26 ክሬዲት ትፈልጋለች፤ የኒውዮርኩ ስድስት አይበቃትም። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ፌዴራል ነው። በአንድ ስቴት ፈቃድ ያላት ጠበቃ በየትኛውም ስቴት ባለ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መቆም ትችላለች። የኛ ሰው ጥገኝነትና የቤተሰብ ማምጣት ጉዳይ በሚበዛበት አካባቢ ይህ ብቻውን ሙሉ ሥራ ነው። ከዚያ ውጭ ላሉ የሜሪላንድ ጉዳዮች፣ ለኪራይ ውሉም ጭምር፣ የሜሪላንድን ፈቃድ ማግኘት ይኖርባታል።