ተረትና እውነታ፦ በጥበቃ ሪፖርት ውስጥ የምትጎድለው ፊደል

አማርኛን ከአፍ መፍቻው ቀጥሎ የተማረ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ሌሊት የደረሰውን ነገር ጽፎ ሲያቀርብ የሚያሰናክለው የከባድ ቃል እጥረት እንደ ሆነ ብዙዎች ያምናሉ፤ ስለዚህም አለቆቹ «ጠብ» ያለውን «ግጭት»፣ «ሄደ» ያለውን «ተንቀሳቀሰ» እያሉ ያርሙለታል። በእውነቱ ግን «ጠብ» የሚለው ቃል ማንንም አያሳስትም፤ በዳይንና ተበዳይን የሚያደበላልቀው ስሕተት የሚገኘው የተሳቢ ምልክት በሆነችው በ«ን» ላይ ነው።

በአንድ የእህል መጋዘን በር ላይ ቶላ የሚባል ጫኝ ገመዳ የሚባለውን ሾፌር በዱላ መታ እንበል። አፍ መፍቻው ኦሮምኛ የሆነ ጸሐፊ ይህን «ቶላ ገመዳ በዱላ መታ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ ምክንያቱም በዚያ ልሳን ሰዋስው ምልክት የሚጨመረው በባለቤቱ ላይ ስለሆነ፣ ቶላ መቺ ሲሆን «ቶላን» ይባላል፣ ተመቺው ገመዳ ግን ያለ ጭማሪ ይቆማል። በአገራችን ልማድ የአባት ስም ከልጁ ስም ቀጥሎ ይጻፋልና፣ መርማሪው ቶላ ገመዳ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ያገኛል፤ ተመቺውም የመቺው አባት መስሎ ከመዝገቡ ይጠፋል። ጸሐፊው የኦሮምኛውን ምልክት ሳይለውጥ «ቶላን ገመዳ በዱላ መታ» ቢልማ የባሰ ነው፤ በአማርኛ መቺው ገመዳ ይሆናልና። የቀናው አነጋገር «ቶላ ገመዳን በዱላ መታው» የሚለው ነው፤ «ን» ተሳቢውን ትለያለች፣ በማሰሪያው አንቀጽ መጨረሻ ያለችው «ው»ም ያንኑ ታጸናለች። ጸሐፊው «ማንን መታ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፣ ለጥያቄው መልስ የሚሆነው ስም «ን»ን የሚሻው ነው።

ሁለተኛው እምነት፣ የሌላውን ሰው ንግግር «እኔ» በሚል አንቀጽ መጻፍ ለሪፖርት አይገባም የሚለው ነው፤ ይህም በእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍ የለመዱትን ሁሉ ያስታል። አማርኛ ግን «አለ» በሚለው ማሰሪያ ፊት የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ይጠብቃል። ቶላ በራሱ አፍ ያመነውን «ቁልፉን ወሰድሁ አለ» ብሎ መጻፍ ሲገባ «ቁልፉን ወሰደ አለ» የተባለ እንደ ሆነ፣ የእምነት ቃሉ ሌላውን የሚከስ ምስክርነት ይሆናል። ጸሐፊው «እኔ» የሚለውን አንቀጽ ቢፈራ፣ «ቁልፉን ራሱ መውሰዱን አመነ» ቢል ነገሩ አይዛባም።

የአክብሮት አንቀጽም ጥንቃቄ ይሻል፤ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገቡ» የሚለው አንድ የተከበሩ ሰውንም ብዙ ሰዎችንም ያመለክታልና፣ «ሥራ አስኪያጁ ብቻቸውን ገቡ» ወይም «ሦስት ሰዎች ገቡ» ተብሎ ይጻፍ።